እርጥብ ባሕር ዛፍ ከቆርቆሮ ሥር ሳይገባ፦ ስለ ጣሪያ እንጨት እርጥበት፣ ስለ ምስጥና ስለ ብስባሽ

በጎጃም ቤት የሚለካው በቆርቆሮ ነው። የ40 ቆርቆሮ ወይም የ60 ቆርቆሮ ቤት ሲባል የቤቱ ስፋትም የባለቤቱም አቅም አብሮ ይታወቃል፤ ቆርቆሮው ባለ ስንት ጌጅ እንደሆነም መጠየቁ አይቀርም። ከቆርቆሮው ሥር ስለሚገባው ወራጅና ማገር ግን የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ማለቱና ውፍረቱ ብቻ ነው። ባሕር ዛፉ በተቆረጠ በሳምንቱ ተልጦ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ይመታበታል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከክፈፉ አካባቢ ያለው ማገር በእጅ ሲነካ የሚፈረፈር ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ «ምስጥ በላው» ይባላል፤ እውነትም ምስጥ የበላው ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን በመጀመሪያ ያበሰበሰው ከእንጨቱ ያልወጣው ወይም በኋላ የገባበት ውሃ ነው።

ይህ ማብራሪያ የሚያተኩረው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ እርሱም በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ፣ ከዚህም የተነሣ የሥራው ቅደም ተከተል ምን መሆን እንዳለበት ነው። ለጣሪያ እንጨት ተስማሚ የሆነው መድኃኒት የሚገባው እንጨቱ ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ብስባሽ የሚከላከለውና ሚስማር ይዞ የሚቆየው ግን እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ነው። ብዙ ቤት የሚበላሸው ይህ ቅደም ተከተል ስለሚገለበጥ፣ ማለትም እርጥቡ እንጨት ያለ መድኃኒት ተመትቶ ከዚያ በኋላ ላዩን የተቃጠለ ዘይት ስለሚቀባ ነው።

ውሃው በእንጨቱ ውስጥ የሚገኝበት ሁኔታ

የእንጨት እርጥበት የሚገለጸው በመቶኛ ነው፤ መቶኛው የሚሰላው ግን ከጠቅላላው ክብደት ሳይሆን ውሃው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ደረቅ ክብደት ነው። ስለዚህ እርጥበቱ 100 በመቶ የሆነ እንጨት የክብደቱ ግማሽ ውሃ፣ ግማሹ ደግሞ እንጨት ነው ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከ100 በላይ ሲሆንም ስሕተት አይደለም። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ እንደ ዕድሜውና እንደ ወቅቱ ቢለያይም በዚህ ቁጥር አካባቢ ሊገኝ ይችላል።

ውሃው በእንጨቱ ውስጥ በሁለት መልክ ይቀመጣል። አንደኛው በሕዋሶቹ ባዶ ቦታ ውስጥ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሰው ውሃ ነው፤ ይህ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ አይቀየርም። ሁለተኛው በሕዋሶቹ ግድግዳ ውስጥ የሰረገው ነው። የመጀመሪያው ውሃ አልቆ ሁለተኛው መውጣት የሚጀምረው እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያለው እያንዳንዱ ጠብታ ሲወጣ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ነጭ ባሕር ዛፍ በመኮማተር ከሚታወቁት እንጨቶች አንዱ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አጠና እስኪደርቅ ድረስ ከውፍረቱ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ሊያጣ ይችላል። እርጥብ ሆኖ የተመታ ወራጅ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቆርቆሮው ከላዩ ተቸንክሮበት ነው። ሚስማሩ ይላላል፣ ቆርቆሮው ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንኳኳል፣ የሚስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል፣ በሚቀጥለው ክረምትም ውሃ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በቀጥታ ማገሩ ላይ ይንጠባጠባል።

አናጺዎች እርጥቡን የሚመርጡበት ምክንያት አላቸው፤ ደረቅ ባሕር ዛፍ ሚስማር ያጣምማል፣ ጫፉ ላይ ሲመታም ይሰነጠቃል። ይህ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ከሚስማሩ ትንሽ ቀጠን ባለ መሰርሰሪያ አስቀድሞ መብሳት እንጂ እርጥብ እንጨት መምታት አይደለም። ሥራው በእርግጥ ይዘገያል፤ በእጅ ዋጋ ስምምነት ላይ አስቀድሞ ካልተነገረም አናጺው አይሠራውም።

እንጨት ከተዘጋጀ በኋላ እርጥበቱ ከአካባቢው አየር ጋር ይስተካከላል። አየሩ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨቱ 9 በመቶ አካባቢ ላይ ይረጋል፤ አየሩ 80 በመቶ ሲሆን ደግሞ 16 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህ ማለት የጎጃም ክረምት አየር ብቻውን፣ ውሃ በቀጥታ ካልነካው፣ የደረቀ እንጨትን ለብስባሽ አሳልፎ አይሰጥም። የሚያበሰብሰው የሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ፣ ከግድግዳ የሚሳብ እርጥበትና ከቆርቆሮው ሥር የሚፈጠረው ጤዛ ነው።

ሁለት የተለያዩ ጠላቶች

ብስባሽን የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ዘሩ በአየር ላይ ዘወትር ስላለ ቤቱን ከዘሩ መጠበቅ አይቻልም፤ መከልከል የሚቻለው ውሃውን ነው። እንጨቱ ከ20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ ፈንገሱ አይጀምርም፤ ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተና አየር ካገኘ ግን በደንብ ያድጋል። በመካከል ያለው ደረጃ አስተማማኝ ስላልሆነ በተግባር ገደቡ 20 ተደርጎ ይያዛል። መዘንጋት የሌለበት ነገር፣ እንጨቱ ሲደርቅ በውስጡ የጀመረው ፈንገስ ሥራውን ያቆማል እንጂ ሁልጊዜ አይሞትም፤ በሚቀጥለው ክረምት ሲረጥብ ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል።

በእንጨቱ ላይ የሚታይ ጥቁርና ሰማያዊ ሻጋታ ራሱ ብስባሽ አይደለም። ላዩን የሚያጠቁር እንጂ ጥንካሬውን ይህን ያህል የማይቀንስ ነው፤ ነገር ግን እንጨቱ ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ እንደቆየ ይናገራል። እውነተኛውን ብስባሽ የሚለየው የቢላዋ ጫፍ ነው። ቢላዋውን በቃጫው አቅጣጫ ሰክቶ ወደ ላይ ሲያነሱት ጤነኛ እንጨት ረጅም ስንጥር እያወጣ በድምፅ ይሰበራል፤ የበሰበሰው ግን ያለ ድምፅ፣ እዚያው በተወጋበት ቦታ፣ አጭር ሆኖ ቁርጥ ይላል። ከበሰበሱት መካከል አንዱ ዓይነት ቡናማ ሆኖ በካሬ በካሬ ይሰነጣጠቃል፣ ሌላው ደግሞ ነጣ ብሎ በጭረት በጭረት ይለያያል። ለቤቱ ባለቤት ሁለቱም መቀየር አለባቸው ማለት ነው።

ምስጥ የተለየ ጠባይ አለው። በአካባቢያችን ቤት የሚያጠቃው ምስጥ በዋነኛነት ከአፈር የሚወጣ ነው፤ ኩይሳው ከቤቱ ርቆ ሊገኝ ወይም ጭራሽ ላይታይ ይችላል። እርጥበቱን ከመሬት ይዞ፣ የጭቃ ቦዩን እየሠራ በዚያው ውስጥ ስለሚጓዝ፣ እንጨቱ መድረቁ ብቻውን አያቆመውም። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት፤ «ደርቋልና አይነካም» ይላሉ። ደረቅ እንጨት ከፈንገስ ይድናል፣ ከምስጥ ግን አይድንም።

ምስጥ ጣሪያ ላይ የሚደርሰው በግድግዳው በኩል ነው። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ለዚህ የተመቸ ነው፤ ቋሚው በቀጥታ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ምርጊቱም ሙሉውን ይሸፍነዋል። ምስጡ በቋሚው ልብ ወይም በእንጨቱና በምርጊቱ መካከል እየወጣ በግድግዳው አናት ላይ የተጋደመውን እንጨት ያገኛል፣ ከዚያም ወደ ወራጁ እግር ይሻገራል። የጭቃ ቦዩ ከምርጊቱ በስተጀርባ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። የድንጋይ መሠረት ያለው ቤት በአንጻሩ ምስጡን በድንጋዩ ፊት ላይ ቦዩን እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ ምስጡ አይከለከልም፣ ነገር ግን ይታያል፣ ሲታይም ቦዩን ማፍረስ ይቻላል።

ቦታም ለውጥ ያመጣል። ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ያለው ቆላ፣ እንዲሁም ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን የመሳሰለው ወይናደጋ ስለ ምስጥ የበለጠ ሊያስብ ይገባል። በእንጅባራ ዙሪያና በጮቄ ተዳፋት ላይ ባለው ደጋ ግን ብርዱ ምስጡን ስለሚቀንሰው ዋናው ስጋት ረጅሙ ዝናብና የሌሊቱ ጤዛ ነው።

ለምን ቦሮን፣ ለምን በእርጥቡ

ለጣሪያ እንጨት ሊመረጡ ከሚችሉት መድኃኒቶች መካከል በቤት ባለቤት አቅም በአግባቡ ሊሠራበት የሚችለው የቦሮን ጨው ነው፤ ይህም የቦራክስና የቦሪክ አሲድ ድብልቅ ነው። ፈንገሱንም ይገድላል፣ እንጨቱን የሚበላውን ምስጥና ነቀዝም ይመርዛል፣ ሽታ የለውም፣ እንጨቱንም አያጠቁርም። ትልቁ ድክመቱ ውሃ ማሟሟቱ ነው፤ ዝናብ በሚመታው ወይም መሬት በሚነካ እንጨት ላይ ቀስ በቀስ ታጥቦ ይወጣል። ከቆርቆሮ ሥር ያለ እንጨት ግን ከዝናብ የተጠለለ ስለሆነ ይህ ድክመት እዚያ ብዙ አይጎዳም። መሬት ለሚገባው ቋሚ ቦሮን አይሆንም፤ ለእርሱ በፋብሪካ በግፊት መድኃኒት የተነከረ ምሰሶ ወይም የድንጋይ መሠረት ያስፈልጋል።

ይኸው በውሃ የመሟሟት ጠባዩ ነው ወደ ውስጥ የሚያስገባውም። ጨዉ በእንጨቱ ውስጥ ባለው ውሃ በኩል፣ ከበዛበት ወደ አነሰበት፣ ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ ለቋንጣ የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ ጨው የሚቀበለውን ያህል የደረቀው እንደማይቀበል ሁሉ፣ ደረቅ እንጨትም ጨዉን ላዩ ላይ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ እንጨቱ በተቆረጠ በቀናት ውስጥ፣ ቢያንስ ከ40 በመቶ በላይ እርጥበት እያለው መነከር አለበት። መድኃኒቱን የሚቀበለው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለው ክፍል ነው፤ ልቡ ብዙም አያስገባም። ይሁን እንጂ ፈንገሱም ነቀዙም ምስጡም አስቀድመው የሚሹት ያንኑ ነጣ ያለውን ክፍል ስለሆነ ጥበቃው በትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት በሁሉም ቤት ስለሚቀባ ስለ እርሱ ግልጽ መሆን ያሻል። ዘይትና ውሃ ስለማይዋሐዱ እርጥብ እንጨት ዘይቱን አያስገባም፤ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። እንጨቱ ሲደርቅ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ያልተቀባ ነጭ እንጨት ይከፍታል፣ ምስጡም በዚያ ይገባል። ከዚህ በላይ ዘይቱ ለእሳት ይመቻል፣ በአገልግሎት ዘመኑ ያጠራቀመው ብረትና ጥላሸትም ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ መቀመጥ የሌለበት ነው። በእኔ አስተያየት ለጣሪያ እንጨት የተቃጠለ ዘይት መቀባት ምንም ካለማድረግ ብዙም አይሻልም፤ ሰውየው መድኃኒት እንዳደረገ አምኖ ምርመራውን ስለሚተው እንዲያውም ሊብስ ይችላል።

የ60 ቆርቆሮ ቤት እንጨት ሲዘጋጅ

በቡሬ አካባቢ ሊሠራ የታሰበ አንድ የ60 ቆርቆሮ ቤት እንውሰድ። ለወራጅ፣ ለማገርና ለግድግዳ አናት ውፍረታቸው 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ወደ 90 የሚጠጉ አጠናዎች ያስፈልጉታል እንበል። እንጨቱ ከራስ ቁጥቋጦ ወይም ቆሞ ሳለ ከተገዛ ባሕር ዛፍ ቢሆን ይመረጣል፤ በመንገድ ዳር ተቆልሎ የሚሸጠው መቼ እንደተቆረጠ አይታወቅም። ቅርፊቱ በእጅ ሲጎተት እንደ ቀበቶ የሚላጥ ከሆነ አዲስ ነው፤ ከእንጨቱ ጋር ከተጣበቀና ጫፉ ላይ ስንጥቅ ከታየ ግን ለቦሮን የሚሆነው ጊዜ እያለፈበት ነው።

ቆረጣው በጥቅምት መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ይጀመራል፤ ሁሉም በአንድ ቀን አይቆረጥም። መንከሪያው ጉድጓድ 5 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው 20 ያህል አጠና ይይዛል። ጉድጓዱ በድርብ ጥቁር ላስቲክ ይለበጣል፤ ሹል ድንጋይ ላስቲኩን እንዳይቀደው ከሥሩ ጭድ ወይም አሸዋ ይነጠፋል። አጠናዎቹ ከገቡ በኋላ ለመሸፈን 700 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋሉ። ድብልቁ በ100 ሊትር ውሃ 6 ኪሎ ቦራክስና 4 ኪሎ ቦሪክ አሲድ ነውና ለ700 ሊትር 42 ኪሎ ቦራክስና 28 ኪሎ ቦሪክ አሲድ ይሆናል። በቀዝቃዛ ውሃ ለመሟሟት ስለሚያስቸግር በበርሜል ሞቅ ባለ ውሃ እየተሟሟ ይጨመራል። ሁለቱ አብረው የሚገቡት ብቻቸውን ከሚሟሙት ይልቅ አንድ ላይ በብዛት ስለሚሟሙ ነው፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ማብዛት ያው አይደለም።

አጠናዎቹ ሙሉ በሙሉ ተልጠው፣ የቅርፊቱ ውስጠኛ ስስ ሽፋን እንኳ ሳይቀር ተፍቆ፣ እንዳይንሳፈፉ ድንጋይ ተጭኖባቸው ለ10 ቀን ያህል ይነከራሉ። ሲወጡ ሥራው አላለቀም፤ ጨዉ ገና ላዩ ላይ ነው። ጥላ ሥር እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ይደረደሩና ሳይደርቁ በላስቲክ ተጠቅልለው አንድ ወር ያህል ይቆያሉ። ጨዉ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በዚህ ወር ነው። ችኩል ሰው የሚዘለው ደረጃ ይኸው ሲሆን፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ የተሰጣ እንጨት ጨዉ ነጭ ዱቄት ሆኖ ላዩ ላይ ይቀርበታል። የመጀመሪያው ዙር ሲወጣ የጎደለው በዚያው ልክ በተዘጋጀ አዲስ ድብልቅ ተሞልቶ ሁለተኛው ዙር ይገባል። አራት ወይም አምስት ዙር እስኪያልቅ ኅዳር ያልፋል፣ የመጨረሻው ዙር የላስቲክ ቆይታም ወደ ታኅሣሥ መጨረሻ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት አቅም የማይፈቅድለት ሰው ቢያንስ በግድግዳው አናት የሚጋደመውንና ከክፈፉ በኩል የሚውለውን የመጀመሪያ ማገር፣ እንዲሁም የወራጆቹን እግር ማስቀደም ይችላል፤ ምስጡም ውሃውም መጀመሪያ የሚደርሱት እዚያ ነው። ነገር ግን ቦሮን የሚገድለው የበላውን እንጂ የሚያባርር አይደለም። ምስጥ በታከመ እንጨት ላይ የጭቃ ቦዩን ሠርቶ አልፎ ያልታከመውን ሊያገኝ ስለሚችል፣ ግማሽ ሕክምና ግማሽ ጥበቃ እንጂ ሙሉ መሆን አይችልም።

ድብልቁ ልጅ የሚጠጣው ወይም ከብት የሚልሰው እንዳይሆን ጉድጓዱ ዘወትር ይከደን፤ ሠራተኛውም ጓንት ያድርግ። የተረፈው እርሻ ላይ ወይም ጓሮ ውስጥ አይደፋም። ቦሮን ለሰብል በጥቂቱ የሚያስፈልግ ቢሆንም ትንሽ ሲበዛ ቅጠል ያቃጥላል፤ የተረፈውን የጣሪያ እንጨት ለሚያዘጋጅ ጎረቤት ማሳለፍ ይሻላል።

መድረቁን በሚዛን ማወቅ

እንጨቱ ከላስቲክ ከወጣ በኋላ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ በየረድፉ መካከል ቀጫጭን እንጨት እየገባ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ይደረደራል። ቀጥተኛ ፀሐይ ባሕር ዛፍን ክፉኛ ይሰነጥቀዋል። ጫፍና ጫፉ ከጎኑ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚደርቅ በአሮጌ ቀለም ወይም በእበትና በጭቃ ቢቀባ ስንጥቁ ይቀንሳል።

«ሦስት ወር ይበቃዋል» የሚለው ግምት አያስተማምንም። ሚዛን ያለው ሰው በእርግጠኝነት ማወቅ ይችላል። ከክምሩ መካከለኛ የሆነ አንድ አጠና ይመረጥና ከጫፉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ገባ ተብሎ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቁራጭ ይቆረጣል፤ ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ከእርሱ የተቆረጠ ያታልላል። ቁራጩ ወዲያው ሲመዘን 215 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ ከ100 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት፣ መለኪያው 103 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፣ በዳቦ ቤት ምድጃ ወይም ሙቀቱ በሚስተካከል የቤት ምድጃ ውስጥ፣ ሳያርና ሳያጨስ፣ በየጥቂት ሰዓቱ እየተመዘነ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይቆያል። በመጨረሻ 125 ግራም ላይ ቆመ። የወጣው ውሃ 90 ግራም ነው፤ 90 ለ125 ሲካፈል እርጥበቱ 72 በመቶ ይሆናል።

ከዚያው አጠና 1 ሜትር ከ20 የሆነ ዕንጨት ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎቹ በቀለም ይደፈኑና ይመዘናል። 8.6 ኪሎ ቢሆን፣ በውስጡ ያለው ደረቅ እንጨት 8.6 ለ1.72 ተካፍሎ 5 ኪሎ ነው። እርጥበቱ 20 በመቶ ሲደርስ የሚመዝነው 5 ኪሎ ከነ 20 በመቶው፣ ማለትም 6 ኪሎ ይሆናል፤ 15 በመቶ ሲደርስ ደግሞ 5.75 ኪሎ። ይህ ናሙና ከክምሩ መካከል ገብቶ በየሁለት ሳምንቱ እየወጣ ይመዘናል። 6 ኪሎ እስኪገባ ድረስ ቆርቆሮ አይመታም፤ ከ6 በታች ከወረደ በኋላ ደግሞ ለመጠበቅ ምክንያት የለም። በጎጃም ደረቅ ወራት፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አጠና እዚህ ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የበልግ ዝናብ በጎን እንዳይመታው ክምሩ ክዳን ይኑረው። ግንቦት ላይ ጣሪያው ከተመታ ክረምቱን ከቆርቆሮ ሥር ይጀምራል።

በገበያ የሚገኘው ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ፈጣን ቢሆንም የሚለካው ኤሌክትሪክ በእንጨቱ ውስጥ የሚያልፍበትን ሁኔታ ነው። ከ30 በመቶ በላይ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም፤ ጨው የገባበት እንጨት ላይም ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያነብባል፤ መርፌውም ላዩን ብቻ ከነካ ውስጡ እርጥብ ሳለ «ደርቋል» ይላል። መሣሪያው ካለ ከናሙናው ክብደት ጋር እያነጻጸሩ መጠቀም ይገባል።

መድኃኒቱ ምን ያህል እንደገባ ለማየት ከኩሽና የማይጠፋው እርድ ያገለግላል። እርድ በአልኮል ተዘፍዝፎ የተጠለለው ቢጫ ፈሳሽ አዲስ በተቆረጠ የእንጨት ገጽ ላይ ይቀባና ሲደርቅ፣ በሳሊሲሊክ አሲድ የተሞላና ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የተጨመረበት አልኮል ይነካካበታል፤ ቦሮን ያለበት ቦታ ወደ ቀይ ይለወጣል፣ የሌለበት ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አሲዱ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ይህን የትምህርት ቤት ወይም የኮሌጅ ቤተ ሙከራ ቢሠራው ይሻላል። ቀዩ ቀለበት ነጣ ያለውን ክፍል ከሸፈነ ሥራው ተሳክቷል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ከቆመ የላስቲኩ ቆይታ አጥሯል ወይም እንጨቱ ሲነከር ደርቆ ነበር ማለት ነው።

ከተመታ በኋላ

የታከመ እንጨት በሥራ ላይ በተቆረጠና በተቦረቦረ ቁጥር ያልታከመ ውስጡ ይከፈታል። ስለዚህ የሚቻለው ልክ ሁሉ ከመንከሩ በፊት ይቆረጥ፤ የቀረው ገጽ ደግሞ ጠንከር ባለ የቦሮን ድብልቅ ሁለትና ሦስት ጊዜ በብሩሽ ይቀባ። በተለይ የወራጅ እግር በግድግዳው አናት ላይ የሚያርፍበት ጥርብ መረሳት የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጤዛ ነው። በጠራ የደጋ ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፤ ከቤቱ የሚወጣው እርጥብ ትንፋሽና የምግብ እንፋሎት ከሥሩ ጠብታ ሆኖ ማገሩ ላይ ይወርዳል። የድሮው ሣር ቤት ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ሣሩ እንደ ቆርቆሮ አይቀዘቅዝም፣ ከምድጃው የሚወጣው ጢስም እንጨቱን እያደረቀና በጥቀርሻ እየሸፈነ ነፍሳትን ያርቅ ነበር። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ሲለይ ለሰው ሳንባ ትልቅ ጥቅም ሆነ፣ እንጨቱ ግን ጢሱን አጣ። ከማዳበሪያ ጆንያ ወይም ከአቡጀዲ በተሠራ ኮርኒስ ከሥሩ ሲዘጋ ደግሞ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ክፈፉ ላይና በጣሪያው ሁለት ራሶች ላይ ወፍ በማያስገባ ወንፊት የተሸፈነ የአየር ማለፊያ መተው ይህን በአብዛኛው ይፈታል። ኮርኒሱ ላይም ሰው ሊያይበት የሚችል የሚከፈት በር ቢኖር፣ ከሁለተኛው ክረምት በኋላ መስከረም ላይ አንድ ሰው መብራትና ቢላዋ ይዞ ወጥቶ በሚስማሮቹ ዙሪያ ያለውን ማገር፣ የወራጆቹን እግርና የግድግዳውን አናት መውጋት ይችላል። ቢላዋው ያለ ድምፅ ከገባ ያ ማገር ይወጣል፣ ከላዩ ያለው ቀዳዳ ይደፈናል፤ የጭቃ ቦይ ከታየ ደግሞ ቦዩ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ቋሚ ምርጊቱ ተነሥቶ እስከ መሬት ድረስ ይመረመራል።